የፈሰሰው መጀመሪያ፦ የወንድ ዘር ፈሳሽ ምርመራ እንዴት እንደተማርኩ

ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሰው ላይ የተሳሳተ ውጤት ልፈርም ለጥቂት ተርፌያለሁ። የቆጠርኩት በትክክል ነበር። ስሌቱም አልተሳሳተም። ስህተቱ ናሙናው እጄ ከመግባቱ በፊት የተፈጠረ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሥራዬ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚጀምር ይመስለኝ ነበር።

ሰውየው ናሙናውን ቤቱ አዘጋጅቶ ነው ያመጣው። መጠኑ 1.2 ሚሊ ሊትር፣ የስፐርሙ ብዛት በአንድ ሚሊ ሊትር 5.6 ሚሊዮን፣ በጠቅላላው ደግሞ 6.7 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። ከስፐርሞቹ የሚንቀሳቀሱት ከመቶ 18ቱ ብቻ ነበሩ። ወረቀቱን ሞልቼ ለአለቃዬ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ አይተው «ናሙናው በስንት ሰዓት ተወሰደ? እዚህስ በስንት ሰዓት ደረሰ?» አሉኝ። አልጠየቅኩም ነበር። «ሁሉም ገብቷል ወይስ የፈሰሰ አለ?» አሉ ደግሞ። እሱንም አልጠየቅኩም። ወረቀቱን መለሱልኝና «ሂድ ደውልለት» አሉ።

ደወልኩ። መጀመሪያ «ምንም ችግር አልነበረም» አለኝ። የሰዓቱን ነገር ስጠይቀው ግን ናሙናውን ከወሰደ በኋላ መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው መድረሱን ነገረኝ። ዕቃውንም ቦርሳው ውስጥ ከቀዝቃዛ የውኃ ጠርሙስ ጎን አድርጎት ነበር። ስለ መፍሰሱ ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና፣ «እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የመጣው አምልጦኛል። ጥቂት ስለሆነ ምንም አይደለም ብዬ ነው፤ አፍሬም ነው» አለኝ።

ችግሩ ያ «ጥቂት» የተባለው ነው። የዘር ፈሳሽ ሲወጣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም። አብዛኛው ስፐርም የሚመጣው መጀመሪያ ላይ ከፕሮስቴት ዕጢ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ብዛት ያለው ፈሳሽ ከሌላ ዕጢ፣ ከሴሚናል ቬሲክል፣ የሚወጣ ሲሆን በውስጡ ያለው ስፐርም ጥቂት ነው። ስለዚህ መጨረሻው ቢፈስ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ መጀመሪያው ከፈሰሰ ግን ዕቃው ውስጥ የቀረው የሰውየውን ትክክለኛ ሁኔታ አያሳይም። በዚህ ላይ ቅዝቃዜውና መዘግየቱ እንቅስቃሴውን አዳክመውታል። ያን ወረቀት ፈርሜ ብሰጠው ሐኪሙ እንደ ከባድ ችግር ሊያየው ይችል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቃውን ስሰጥ የምናገረውን በቃሌ ይዤዋለሁ። ዘር ከወጣ ቢያንስ 2 ቀን፣ ቢበዛ 7 ቀን መሆን አለበት። ቀኑ ካጠረ ብዛቱ ይቀንሳል፤ ከረዘመ ደግሞ ብዛቱ ቢጨምርም ያረጀና የሞተ ስፐርም ይበዛበታል። ናሙናው በእጅ ተወስዶ፣ አፉ ሰፊ በሆነ ንጹሕና ስፐርም እንደማይጎዳ በተፈተሸ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በቀጥታ ይገባል። ምራቅ፣ ቅባት፣ ሳሙና አይነካውም። ተራ ኮንዶም ፈጽሞ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ነገር ስፐርሙን ይጎዳል። የሚመረጠው ላቦራቶሪው አጠገብ ባለ ክፍል መስጠት ነው። ቤት ከተዘጋጀ ግን ዕቃው በልብስ ሥር ሰውነት አጠገብ ተይዞ፣ ከ20 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት፣ በግማሽ ሰዓት ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ቢዘገይ እንኳ ከአንድ ሰዓት ማለፍ የለበትም። የመጨረሻውን ጥያቄ ደግሞ ፊት ለፊት አልጠይቅም። «ከመጀመሪያው ወይም ከመጨረሻው የፈሰሰ ካለ እዚህ ጋ ምልክት ያድርጉ፤ ብዙ ሰው ያጋጥመዋል» ብዬ ወረቀቱን እሰጣለሁ። ፊት ለፊት ስጠይቅ «የለም» ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። አሁን አጠገባችን ባለው ክፍል ሰጠ፤ ዘር ከወጣም 4 ቀን ሆኖት ነበር። ዕቃውን ባዶውን አስቀድሜ መዝኜው ስለነበር ከነናሙናው መዝኜ ልዩነቱን ወሰድኩ፤ አንድ ግራም እንደ አንድ ሚሊ ሊትር ይቆጠራል። 2.9 ሚሊ ሊትር ሆነ። በመርፌ ወይም በፒፔት መምጠጥ ቀላል ቢመስልም ግድግዳው ላይ የሚቀረው መጠኑን ያሳንሰዋል።

ትኩስ ናሙና እንደ ዝልግልግ ነገር የረጋ ነው። በ37 ዲግሪ አስቀምጬው በ20 ደቂቃ ቀጠነ፤ አንዳንዱ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሳይቀጥን ጠብታ መውሰድ ከንቱ ነው፣ ስፐርሙ እኩል አልተሰራጨምና። ከቀጠነም በኋላ ዕቃውን ቀስ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል። መነቅነቅ ግን አረፋ ያወጣል።

መጀመሪያ የሚታየው እንቅስቃሴው ነው፤ ጊዜ አይሰጥም። 10 ማይክሮ ሊትር ስላይድ ላይ ጠብ አድርጌ በ22 በ22 ሚሊ ሜትር ከቨር ስሊፕ፣ በስስ መሸፈኛ መስታወት፣ ከደንኩት። ይህ መጠን ከዚህ መስታወት ጋር ሲገጥም ወደ 20 ማይክሮሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይሰጣል፤ ጥልቀቱ ከዚያ ካነሰ ስፐርሙ እንደልቡ መዞር አይችልም። ፈሳሹ መፍሰሱን እስኪያቆም ጠብቄ፣ ከጠርዙ ራቅ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተቴን ልናገር። ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር ይወዳል። ስጀምር ሳላውቀው የሚርመሰመስበትን ቦታ እመርጥ ነበር፤ እየቆጠርኩ ሳለም ከውጭ ዋኝቶ የገባውን እጨምር ነበር። አንድ ቀን አለቃዬ ያንኑ ስላይድ ቆጠሩት፤ እኔ 68 ከመቶ ያልኩት ለሳቸው 50 ሆነ። «አንተ የምትቆጥረው ሲመጡ ነው፤ እኔ የምቆጥረው እንደ ፎቶግራፍ ነው» አሉኝ። አሁን ቦታውን ሳልመርጥ አንድ እርምጃ አንቀሳቅሼ፣ ከእይታው ትንሽ ክፍል ብቻ ወስጄ፣ ዓይኔ እንዳረፈ ያሉትን ብቻ እቆጥራለሁ። በመጀመሪያ ወደፊት የሚሄዱትን፣ ቀጥሎ ባሉበት የሚወዛወዙትን፣ በመጨረሻ የማይንቀሳቀሱትን። ከአንድ ስላይድ 200፣ ከሌላ አዲስ ስላይድ ደግሞ ሌላ 200። የሰውየው ከመጀመሪያው 48፣ ከሁለተኛው 54 ከመቶ ወጣ። አማካዩ ወደ 50 ሲጠጋ በሁለቱ መካከል እስከ 10 የሚደርስ ልዩነት በዕድል ሊመጣ ይችላል፤ 6 ስለሆነ 51 ብዬ ተቀበልኩት። ወደፊት የሚሄዱት ብቻቸውን 43 ነበሩ።

ለብዛቱ 50 ማይክሮ ሊትር ናሙና ከ950 ማይክሮ ሊትር ማቅለያ ጋር ቀላቀልኩ፤ 20 እጥፍ ማለት ነው። ማቅለያው ፎርማሊን ስላለበት ስፐርሙን ያቆመዋል። ተራ ፒፔት ወፍራም ፈሳሽ አሳንሶ ስለሚወስድ ፒስተኑ ፈሳሹን በቀጥታ የሚገፋውን ዓይነት ነው የምጠቀመው። በካሬ የተከፋፈለውን የመቁጠሪያ መስታወት፣ የኒውባወርን ቻምበር፣ ሁለቱንም ወገን ሞልቼ፣ እርጥበት ባለበት ክዳን ሥር 10 ደቂቃ ያህል አስቀመጥኩት፣ ስፐርሙ ወደ ታች እንዲሰፍር። ከዚያ የመሐሉን ሰፊ ካሬ በረድፍ መቁጠር ነው። አምስት ረድፍ አለው፤ ጠቅላላው 100 ናኖ ሊትር ይይዛል። አንደኛው ወገን አምስቱም ረድፍ ሲያልቅ 205 ሰጠ፤ ከ200 ስላለፈ በቃ። ሁለተኛውም እስከዚያው ረድፍ መቆጠር አለበት፤ 219 ሆነ። ድምሩ 424፣ ልዩነቱ 14። ለዚህ ድምር እስከ 40 የሚደርስ ልዩነት ተቀባይነት ስላለው አለፈ። 424 ለ200 ናኖ ሊትር ሲካፈል 2.12፤ በ20 ሲባዛ 42.4፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 42.4 ሚሊዮን ማለት ነው። በ2.9 ሲባዛ ጠቅላላው 123 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ያው ሰው ነው፤ ያው ዕቃ ዓይነት፤ ያው እኔ። ቀድሞ ግን 6.7 ሚሊዮን ብዬው ነበር።

የስፐርሙ ቅርጽ ነገር ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠብታውን በሌላ ስላይድ ጠርዝ ስጎትተው ፈጥኜ ከጎተትኩ ይወፍራል፤ ስፐርሞቹ ይደራረባሉ። ቀስ ስል ይሳሳል። አየር ላይ ደርቆ፣ ታጥቦና በፓፓኒኮላው ቀለም ተነክሮ፣ በዘይት በ1000 እጥፍ ይታያል። የስፐርሙ ራስ ዳሩ ለስላሳ ሞላላ፣ የፊተኛው ቆብ ከራሱ 40 እስከ 70 ከመቶ የሚሸፍን፣ አንገቱ ቀጭንና ቀጥ ብሎ የተያያዘ፣ ጭራውም ያልተጠቀለለ መሆን አለበት። የምጠራጠርበት ሁሉ ጤናማ ካልሆነው ጎራ ይገባል። ይህ ደንብ መጀመሪያ ጨካኝ መስሎኝ ነበር፤ ሳልጨክን ስቆጥር ግን ዛሬ 12፣ ነገ 7 እያልኩ ከራሴ ጋር አልስማማም ነበር። የሰውየው ጤናማ ቅርጽ ያላቸው 5 ከመቶ ሆኑ።

ወረቀቱን ሲያይ 42.4ቱን አልፎ ቀጥታ እዚያ ቆመ። «5 ብቻ? ታዲያ 95ቱ ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ለቅርጽ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ልክ 4 ከመቶ ነው አልኩት፤ ለብዛት በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን፣ ወደፊት ለሚሄድ 30 ከመቶ። እነዚህ ቁጥሮች የተወሰዱት በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቶቻቸው ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነዚያም ከመቶ አምስቱ ከልኩ በታች ነበሩ። ስለዚህ በታች መሆን መካንነት ነው ማለት አይደለም፤ በላይ መሆንም ዋስትና አይደለም። «ሐኪሙ ሌላ ናሙና ካዘዘ ይስጡ፤ በተለይ ባለፉት ሦስት ወራት ከባድ ትኩሳት ኖሮብዎት ከሆነ ይንገሩት» አልኩት፤ ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚወስድ የዛሬው ናሙና የድሮውን ትኩሳት ሊያሳይ ይችላል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ «ያንን የመጀመሪያውን ምን አደረግኸው?» አለኝ። «ተሰርዟል» አልኩት፤ መዝገቡ ላይ «የመጀመሪያው ክፍል ፈሷል፤ ዘግይቶ ደርሷል» ብዬ ከሰረዝኩት ቁጥር ጎን ጽፌ ነበር።