አንቱታው የት ላይ ይግባ? የአያቴን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደጻፍኩ

መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ወንድ አያቴ ሲያርፉ፣ ለአርባቸው ታትሞ የሚታደል የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ቤተሰቡ ለኔ ሰጠኝ። መረጃ መሰብሰቡ ቀላል ነበር፤ አክስቴን ማስወራት ብቻ ነው። ፎቶውም ተገኘ። ማሳተሙም ደብረ ብርሃን ውስጥ ቡና ጠጥቶ የመጠበቅ ያህል ነው። ያንገበገበኝ ማሰሪያ አንቀጹ ነው። ማን እንደሚያስቸግረኝ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው አዲስ አበባ ያደገው የአክስቴ ልጅ ነው። ሙሉውን በ«እሱ» ጽፎታል። «ተወለደ፣ አደገ፣ አገባ።» በእኛ አገር እኚያን ሰውዬ «እሱ» ያለ ሰው አልሰማሁም። ሴት አያቴ እንኳ፣ ያን ያህል ዘመን አብረው ኖረው፣ «እሳቸው» እንጂ ሌላ አይሉም ነበር። ልጁ ግን «አንድ ሰው ናቸው፤ ለምን በብዙ ቁጥር ይጻፋል?» ብሎ ሞገተኝ። ቆይ፣ «ናቸው» ያልከው ራስህ አይደለህ እንዴ? አልኩት። ሳቀና ዝም አለ።

ረቂቁን ይዤ ደብረ ብርሃን አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ገና ችግሬን ሳልጨርስ «ቀላል ነው፣ ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ነው» አለና «ነበር» የሚለውን በሙሉ ወደ «ነበሩ» ቀየረው። አንዲት ቁልፍ ተጫነ፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ አለቀ። ማታ ቤት ገብቼ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ «በዚያ ዘመን ብርዱ ከባድ ነበሩ። አያታችን ከበግ እርባታ ይኖር ነበሩ።»

ለብርዱ አንቱታ ተሰጠ! ለአያቴ ደግሞ በተቃራኒው ሆነ። «ይኖር ነበር» ሲከበር «ይኖሩ ነበር» ነው የሚሆነው። እንዲህ ባለ ጥምር ግሥ ውስጥ «ነበር» አይነካም፤ ባለቤቱን የሚከተለው ፊት ያለው ግሥ ነው። «ሄዶ ነበር» «ሄደው ነበር» ይሆናል። «ደግ ነበር» ግን «ደግ ነበሩ» ነው፣ ምክንያቱም እዚያ «ነበር» ብቻውን ማሰሪያ ነው። ማሽን ይህን አይለይም። ጸሐፊውም አልለየውም፤ ለመለየት የፈለገም አይመስለኝም።

ስለዚህ በእጄ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ጀመርኩ። ትምህርት ቤት የተማርነው «ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ በቁጥር ይስማማሉ» የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። እኔ የምመክረው ሕጉን ትታችሁ አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ ነው፦ የዚህ ግሥ ባለቤት እሳቸው ናቸው ወይስ ሌላ ነገር?

እሳቸው ከሆኑ ግሡ ይከበራል፦ መጡ፣ ታመሙ፣ ወደቁ። ሌላ ነገር ከሆነ ግሡ ያንን ነገር ይከተላል፣ አክብሮቱም ወደ ቅጥያው ይሄዳል። «እግራቸው ተሰበረ» እንጂ «እግራቸው ተሰበሩ» አይባልም። የተሰበረው እግር ነው፤ እግር አንቱ አይባልም። «ደከማቸው»፣ «ራባቸው»፣ «አመማቸው» ውስጥም አክብሮቱ ያለው «-ቸው» ላይ ነው። «አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው» ሲባል ግሡ የበቅሎዋ ነው፣ ቅጥያው የአያቴ ነው። ይህን ጥያቄ እየጠየቅሁ ስሄድ ጽሑፉ በአንድ ምሽት ተስተካከለ።

ተስተካከለ ስል ግን የእድሩን ጸሐፊ አላየሁትም ነበር።

የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱ ሳይታተም «ማየት አለብኝ» አለ። የእድሩ ማኅተም ስለሚያርፍበት ነው አሉ። «ከጓሳ ሣር ጠባቂዎች አንዱ ነበሩ» የሚለውን በቀይ ሰረዘው። «‹አንዱ› ነጠላ፣ ‹ነበሩ› ብዙ፤ አይስማማም» አለኝ። ከላዩ ላይ «ጠባቂዎች ነበሩ» ብሎ ጻፈበት። እዚያው ወረቀት ላይ «ጥሩ አራሽ ነበሩ» የሚለውን «ጥሩ አራሾች ነበሩ»፣ «እኚህ አባት»ን ደግሞ «እነዚህ አባት» አደረገው። አንድ ሽማግሌ በእሱ እስክሪብቶ መንጋ ሆኑ።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። አክብሮት የሚያበዛው ግሡንና ተውላጠ ስሙን ነው፤ ስሙና ቅጽሉ በነጠላ ይቀራሉ። «እሳቸው መምህር ናቸው» ይባላል፤ «እሳቸው መምህራን ናቸው» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። «ሽማግሌው መጡ» ትክክል ነው፣ «-ው» ነጠላ ሆኖ ሳለ። «አንዱ ነበሩ»ም እንደዚያው። ይህን አስረዳሁት። «ሕግ ሕግ ነው» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ሰውዬው ራሱ ሊሸኘኝ ሲነሳ ስለ አያቴ «ደግ ሰው ነበሩ» አለኝ። «ደግ ሰዎች ነበሩ» አላለም። ቆሜ ልነግረው ፈልጌ ተውኩት።

ከሰዋስው ጭቅጭቁ የባሰው ግን ሌላ ቦታ መጣ። ጽሑፉን ለዘመድ ሳነብ እዚህ ደረስኩ፦ «አያታችንና ታላቅ ወንድማቸው አንኮበር ወረዱ። እዚያም ታመሙ። ከዓመት በኋላ ተመልሰው መሬቱን ተረከቡ።» የታላቅ ወንድማቸው ልጅ ቀና አለ። «መሬቱን የተረከቡት ሁለቱም ናቸው ማለት ነው?» ቤቱ ጸጥ አለ። በሁላችንም ልብ ያለው የመሬት ነገር ነው።

አያችሁ፣ የአክብሮት ግሥና የብዙ ቁጥር ግሥ መልካቸው አንድ ነው። «ታመሙ» አንድ ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወንድማማቾችም ሊሆኑ ይችላሉ። ወንድ ሴትም አይለይም፤ «ባለቤታቸው ሄዱ» ሲባል ማን እንደሄደ የሚታወቀው ከዙሪያው ነው። ስንነጋገር ድምፅና እጅ ይረዳናል፤ ወረቀት ላይ እሱ የለም። ስለዚህ ሁለት የሚከበሩ ሰዎች በአንድ አንቀጽ ሲገናኙ ስም ወይም ዝምድና ደጋግሞ መጥራት ነው። ድግግሞሽ ያስጠላል የሚለውን የድርሰት ምክር እዚህ ላይ እርሱት። እኔ እንዲህ አድርጌ አስተካከልኩት፦ «ታላቅ ወንድማቸው እዚያ ታመሙ። አያታችን ብቻቸውን ተመልሰው መሬቱን ተረከቡ።» ለሁለቱም ሲሆን «ሁለቱም» የሚል ጨመርኩ። ዘመዴ አልወደደውም፣ ግን ገባው።

ሌሎቹ ቀላል ናቸው። ልጅነታቸውም በአንቱታ ይጻፋል፤ «ሕፃን ሳሉ በግ ይጠብቁ ነበር» ቢያስቅም ልማዱ ይሄው ነው። የሌላ ሰው ንግግር ሲጠቀስ ግን አይነካም። እናታቸው «ልጄ ና» ብለው ከጠሯቸው፣ «ና» እንዳለ ይቀመጣል። «ልጄ ይምጡ» የምትል የመንዝ እናት አላውቅም።

የመጨረሻው መስመር «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑር» ነው። የእድሩ ጸሐፊ እዚህም ላይ እስክሪብቶውን አንስቶ «ያኑሩ» አይሻልም ወይ? አለኝ። ሽማግሌውን አንቱ፣ ፈጣሪን አንተ የምንል ሕዝብ ነን፤ ግሡም የፈጣሪ ነው፣ «-ቸው» ብቻ የአያቴ ናት። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ በራሴ አሳተምኩት፣ ያለ ማኅተም። የእድሩ መዝገብ ላይ የተለጠፈው ቅጂ ግን የእሱ ነው፤ አያቴ እዚያ እስካሁን «ጥሩ አራሾች ነበሩ»።