በ7 ቀን ሙከራ ውስጥ የማይታይ ጥቅም ሸጥኩ

በግላቸው ለሚሠሩ ሰዎች የኢንቮይስ አፕ ሠርቼ ነበር። የመጀመሪያው መግለጫዬ 11 ነገር ይዘረዝራል፦ ሪፖርት፣ ባክአፕ፣ የታክስ ስሌት፣ ጥቁር ገጽታ ሳይቀር። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ጥቂት ተጠቃሚዎችን ሳናግር አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። ደንበኛን «ገንዘቤስ?» ማለት ያሳፍራል። አፑ ይጠይቅላቸዋል። ሌላውን ሁሉ ሰረዝኩ። የጎግል ፕሌይ አጭር መግለጫ ከ80 ፊደል አያልፍም፤ እኔ ሲሶው በቃኝ፦ «ደንበኛዎ ካልከፈለ እኛ እንጠይቅልዎታለን።» («እርስዎ» ብሎ መጻፍ «ሞክር» ልበል ወይስ «ሞክሪ» ከሚለው ጣጣም ይገላግላል።)

ሙከራ የሚጀምረው ሰው በዛ። የሚከፍለው ግን ያው ነው።

ዋጋው ነው ብዬ ቀነስኩ። የቁልፉን ቀለም ቀየርኩ። አርዕስቱን ሦስቴ ጻፍኩ። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ስዳክር ከረምኩ። ከዚያ ሙከራውን ያቋረጠ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጥሩ አፕ ይመስላል፤ ግን ምንም ሲሠራ አላየሁም።» ተናደድኩ። ምን ማለቱ ነው ብዬ የእሱን መንገድ አንድ በአንድ ተከተልኩ። አፑን ጫነ፣ አዲስ ኢንቮይስ ላከ። የመክፈያ ጊዜው 30 ቀን ነው። አፑ ለደንበኛው የሚልከው የክፍያ ማስታወሻ የሚወጣው በ31ኛው ቀን። ሙከራው የሚያልቀው ደግሞ በ7ኛው! የሸጥኩለትን ነገር ሊያይ የሚችልበት አንድም ቀን አልነበረም። ጽሑፉ ልክ ነበር፤ ቃል የገባሁት ግን ከሙከራው ቀን ውጭ ነው። ይህን ለማየት አንድ ወር መፍጀቴ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ሙከራውን አርዝመው ያሉኝ ነበሩ። አልተስማማሁም፤ 30 ቀን እንኳ በአንድ ቀን ያንሳል፣ እስከዚያ ደግሞ ሰው አፑ መኖሩንም ይረሳል። ይልቅ የመጀመሪያውን ገጽ ቀየርኩት። «አዲስ ኢንቮይስ» የሚለው ወጣና «እስካሁን ያልከፈለዎት ማነው?» የሚል ገባ። ስም፣ የገንዘብ መጠን፣ ኢሜይል፣ በቃ። ከቁልፉ በላይ፦ «ማስታወሻውን ዛሬውኑ እንልካለን።» ያኔ ሰዎች ሙከራው ሳያልቅ ከደንበኛቸው መልስ ማግኘት ጀመሩ፤ የሚከፍለውም ጨመረ። ያልተከፈለው ገንዘብ የሌለው ሰው ግን አሁንም ምንም አያይም። እሱን ለማቆየት አልታገልም።

ሌላው ጥፋቴ ዋጋውን ከታች በደብዛዛ ፊደል መደበቄ ነው። የአፕ መደብሮቹም ዋጋውና መቼ እንደሚቆረጥ በግልጽ ይጻፍ ይላሉ፤ እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው። አፑን አጥፍቶ የተቆረጠበት ሰው ባለአንድ ኮከብ ስድብ አሸከመኝ። አፑን ማጥፋት ደንበኝነቱን አይሰርዝም፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። አሁን ከቁልፉ ሥር ዋጋው፣ የሚቆረጥበት ቀንና አሰራረዙ በደማቁ ተጽፏል። ጓደኛዬ «ሰው ታባርራለህ» አለኝ። አባርሬያለሁም። የሚሄዱት ግን ሳይሰድቡኝ ነው።