42 ምስል ጠብቄ 35 ያገኘሁበት ሳንቃ

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ወዳለው ቤቴ ደብተሯን ይዛ መጣችና፣ «አጎቴ፣ መልሴ ትክክል ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የታወቀ ነው። 0.4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጉማጅ እንጨት፣ 30 ዲግሪ ባዘነበለ ሸካራ ሳንቃ ላይ ከእረፍት ተነሥቶ 1.5 ሜትር ይንሸራተታል። ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? እሷ ያገኘችው በሰከንድ 4.66 ሜትር ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሌት የእሷን ሳይሆን የጣሪያውን ነው። ሰበቃ ፈጽሞ ባይኖር ጉማጁ የሚወርደው ቁመት 1.5 ሲባዛ በሳይን 30፣ ማለትም 0.75 ሜትር ነው። በዚያ ቁመት ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ፍጥነት የ2 × 9.8 × 0.75 ስኩዌር ሩት፣ 3.83 ነው። ሰበቃ ያለበት ጉማጅ ከዚህ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ 4.66 ስህተት መሆኑን ደብተሩን ሳናገላብጥ አወቅን። ይህችን አንድ መስመር ስሌት ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አስቀድሜ እሠራታለሁ።

ስህተቱን ለማግኘት ብዙ አልደከምንም። የሥራና የጉልበት ሕግ የሚለው በጉማጁ ላይ የተሠራው ጠቅላላ ሥራ ከእንቅስቃሴ ጉልበቱ ለውጥ ጋር እኩል ነው። እሷ የመሬት ስበት የሠራውን 2.94 ጁል ጽፋ፣ በዚያው መስመር ላይ ጉማጁ ያጣውን እምቅ ጉልበት፣ እሱንም 2.94 ጁል፣ ደምራዋለች። ሁለቱ ግን የአንድ ነገር ሁለት ስም ናቸው። ስበትን እንደ ሥራ ከቆጠርነው እምቅ ጉልበት የሚባለውን መተው፣ እምቅ ጉልበትን ከያዝን ደግሞ የስበትን ሥራ መተው ያስፈልጋል። «ከሁለቱ አንዱን ምረጪ፤ ከመረጥሽ በኋላ አትመለሺ» አልኳት። ሥራውን መረጠች።

ቀጥሎ ያለው የሰበቃ ሥራ ነው። ሳንቃው ጉማጁን ለገጹ ቀጤ ነክ ሆኖ የሚገፋበት ኃይል ከጉማጁ ክብደት ያንሳል፤ ክብደቱ በኮሳይን 30 ይባዛል። ሰበቃው የሚሠራበት ርቀት ደግሞ ቁመቱ 0.75 ሳይሆን በሳንቃው ላይ የተጓዘው ሙሉ 1.5 ሜትር ነው። ሁሉም ሲሰበሰብ ይህ ይቀራል፦

```
m g d sinθ − μ m g d cosθ = ½ m v²
v = √( 2 g d (sinθ − μ cosθ) )
```

የቀረን μ፣ የሰበቃ ቁጥሩ ነበር። በጥያቄው ላይ 0.3 ተብሎ ተሰጥቷል። እኔ ግን ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እንድታይ ፈለግሁ። ፒያሳ አካባቢ ከሚሠራ አናጺ በመላጊያ ያልተላገ 2 ሜትር ሳንቃና አንድ ጉማጅ ገዛሁ። የሳንቃውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልን አነሣን። 75 ሳንቲሜትር ላይ ሲደርስ ጉማጁ በራሱ ተንሸራተተ። 75 ለ200 ሲካፈል 0.375 ነው፤ ይህ የ22 ዲግሪ ሳይን ሲሆን ታንጀንቱ 0.40 ነው፤ ጉማጁ መንሸራተት የሚጀምርበት ዝንባሌ ታንጀንት ደግሞ የሰበቃ ቁጥሩን ይሰጣል። ስለዚህ የኛ ሳንቃ ከመጽሐፉ ይልቅ ሸካራ ነው ብዬ ደመደምሁና 0.40ን በቀመሩ አስገባሁ። በ30 ዲግሪ ላይ 2.12 ወጣ።

ፍጥነቱን ለመለካት ስልክ በቂ ነው። ፍጥነቱ እኩል እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ የመጨረሻው ፍጥነት የአማካዩ እጥፍ ነው፤ ማለትም 3 ሜትር ለጊዜው ይካፈላል። ስልኬ በሰከንድ 30 ምስል ያነሣል። 2.12 ትክክል ቢሆን ጉማጁ 1.42 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 42 ምስል መፍጀት ነበረበት። አምስት ጊዜ ለቀቅነው። ምስሎቹን አንድ በአንድ እየገፋን ስንቆጥር በ34 እና በ36 መካከል ሆኑ፤ አማካዩ 35። ይህ በሰከንድ 2.57 ሜትር ነው።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ቆጠራውን ነው። ጉማጁ መንቀሳቀስ የጀመረበትን ምስል በትክክል መለየት ያስቸግራል፤ አንድ ምስል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢሳት ግን ፍጥነቱን የሚቀይረው በመቶ 3 ያህል ብቻ ነው። ሰባት ምስል የሚያክል ልዩነት ከዚያ አይመጣም። ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ጉማጁን ሳየው ገባኝ። እኔ የለካሁት ቆሞ ያለ ጉማጅ ለመነሣት የሚቃወመውን ሰበቃ ነው። ሥራ የሚሠራው ግን በጉዞ ላይ ያለው ሰበቃ ነው፤ እሱም ያንሳል።

በጉዞ ላይ ያለውን ለማግኘት ሳንቃውን ዝቅ አድርገን ጉማጁን በጣት መታ እያደረግን አስነሣነው። ሳንቃው ዝቅ ሲል ትንሽ ሄዶ ይቆማል፤ ከፍ ሲል እየፈጠነ ይሄዳል። 58 ሳንቲሜትር ላይ በአንድ ፍጥነት ወረደ። 0.29 የ17 ዲግሪ ሳይን ነው፤ ታንጀንቱም 0.30። በዚህ ቁጥር የስበት ሥራ 2.94 ጁል፣ የሰበቃው 1.53 ጁል ይሆናል፤ ለጉማጁ የሚተርፈው 1.41 ጁል ነው። ፍጥነቱ 2.66። ከስበቱ ሥራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሳንቃውንና ጉማጁን በማሞቅ አልቋል ማለት ነው። ከለካነው 2.57 ጋር ያለው ክፍተት ትንሽ ነው፤ μ 0.32 ቢሆን እንኳ 2.56 ይመጣ ነበር። ባልተላገ እንጨት ላይ ደግሞ ይህን ያህል ልዩነት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ይኖራል።

ልጅቱ በዚህ አልረካችም። በቀመሩ ውስጥ m የለም፤ ታዲያ ከባድ ቢሆንስ? ሌላ ተመሳሳይ ጉማጅ ከላዩ በላስቲክ አሰረችና ለቀቀችው። 35 ምስል። እኔ ከነገርኳት ሁሉ ይህ የበለጠ አሳመናት።

እኔን ያቆየኝ ሌላ ነው። ሳንቃውን 68 ሳንቲሜትር ላይ፣ ማለትም በ20 ዲግሪ አካባቢ አስቀመጥነው። ቀመሩ በሰከንድ 1.33 ሜትር ይላል። ጉማጁን አኑረን ብንጠብቅ ግን ንቅንቅ አላለም፤ 22 ዲግሪ ስላልደረሰ ቆሞ የሚይዘው ሰበቃ ያሸንፋል። የሥራና የጉልበት ሕግ ጉማጁ ከተጓዘ ምን ያህል እንደሚፈጥን ይናገራል፤ መነሣት አለመነሣቱን አይናገርም። በጣት ነካ ስናደርገው ወረደ፤ ነገር ግን አንዴ 60፣ አንዴ 80 ምስል ይፈጃል። የጣቱ ግፊት የሚሰጠው ጉልበት አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ግን ሌላ ነው። በዚህ ዝንባሌ ሳይኑ 0.34፣ የሰበቃው ድርሻ 0.28 ነው። ለጉማጁ የሚተርፈው የሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች ልዩነት ስለሆነ μ ከ0.30 ወደ 0.32 ሲሄድ ፍጥነቱ ከ1.33 ወደ 1.10 ይወርዳል። በ30 ዲግሪ ላይ ያው ለውጥ ያወረደው ከ2.66 ወደ 2.56 ብቻ ነበር። ስለዚህ ሳንቃውን መልሰን 1 ሜትር ላይ አነሣነውና የቀረውን ልኬታችንን እዚያ ሠራን።