ሁሌ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ነው

አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው የምሰራው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዴስክቶፑን ተሸክሞ መጣና "ጌም ስጫወት ስታክ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ሰባት ስምንት ሰከንድ ቀጥ ብሎ ይቆምና ይመለሳል" አለኝ። ጌም ላይ ከሆነ ግራፊክስ ካርድ ነው ብዬ ደመደምኩ። አቧራውን አራገፍኩ፣ ቴርማል ፔስት ቀየርኩ፣ ራሙን ነቅዬ በሌላ ሞከርኩ፣ ግማሽ ቀኔ በዚህ አለቀ፣ ጌሙ ግን ያው ነው።

ያኔ ልብ ማለት የነበረብኝ ነገር ኤፍፒኤሱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት ነው። 60 ላይ ቆንጆ ሆኖ እየሄደ ድንገት ነው የሚደርቀው። ካርዱ አቅም ቢያንሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንቀረፈፍ ነበር፣ ሙቀት ቢሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ከተጫወትክ በኋላ እየባሰ ነው የሚሄደው።

አብሮኝ የሚሰራ ትልቅ ሰው አለ፣ ጋሼ ነው የምንለው፣ መጣና "የት ቦታ ላይ እንደሚቆም ጠይቀኸዋል?" አለኝ። አልጠየቅኩትም። ልጁ ጋ ስደውል "ሁሌ ድልድዩን ተሻግሬ ከተማው ውስጥ ስገባ ነው" አለኝ።

እንደዚህ ዓይነት ሰፊ ካርታ ያለው ጌም ሁሉንም ነገር አንዴ ራም ላይ አይጭንም፣ ወደ አዲስ ሰፈር በቀረብክ ቁጥር ህንጻውንም መንገዱንም ከዲስክ እያነበበ ነው የሚያመጣው። ጌሙን በመስኮት አድርጌ Task Manager ከጎን ከፈትኩና ወደ ድልድዩ ነዳሁ። ዲስኩ 100% ሆነ። 100% ብቻውን ምንም አይደለም፣ ጤነኛ ሃርድ ዲስክም ዊንዶውስ ሲነሳ እዚያ ይደርሳል፣ ግን ያኔ በሰከንድ በርካታ ሜጋባይት እያነበበ ነው። ይሄኛው 100% ሆኖ የሚያነበው ከአንድ ሜጋባይት በታች ነበር፣ Average response time የሚለው ደግሞ በሺዎች ሚሊሰከንድ፣ ማለት አንድ ነገር አምጣ ሲባል ሰከንዶች ይፈጅበታል።

ድራይቩን ሳየው ባለ 1 ቴራ ሆኖ የቀረው 5 ጊጋ ነው፣ ቀይ በቀይ። በቃ አገኘሁት አልኩ! ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ፋይሎቹ እየተቆራረጡ ስለሚቀመጡ የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ከዚያ እዚህ ሲዘል ይውላል፣ ዊንዶውስም ራም ሲያጥረው የሚጠቀምበት ቦታ ያጣል። ልጁን አስፈቅጄ የማይፈልጋቸውን አሮጌ ጌሞች አጠፋሁና 150 ጊጋ ክፍት ሆነ። ትንንሾቹ መንቀጥቀጦች እውነትም ጠፉ፣ ድልድዩ ጋ ያለው መድረቅ ግን ንቅንቅ አላለም።

የዲስክ ጤና የሚያሳየውን CrystalDiskInfo ስከፍት ቢጫ Caution፣ Current Pending Sector Count የሚለው ላይ 30። ቁጥሩ በሄክስ፣ ማለትም በ16 መሰረት የተጻፈ ስለሆነ 48 ማለት ነው፣ 48 ቦታ ላይ ዲስኩ ማንበብ አቅቶታል። የተጎዳ ሴክተር ላይ ሲደርስ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ጌሙ ደግሞ ፋይሉ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፣ የዚያ ከተማ ፋይል የተቀመጠው እዚያው የተጎዳው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው ሁሌ በአንድ ቦታ የሚቆመው። (አንዳንዴ መብራት ድንገት ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረ ሴክተር እንደዚህ ይቀርና በላዩ ሲጻፍበት ይስተካከላል፣ ግን ያ አንድ ሁለት ቢሆን ነው፣ 48 ሌላ ነገር ነው።)

ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ነው። ማታ ልንዘጋ ስንል ይሄን ጻፍኩና ሪስታርት አድርጌ ወደ ቤቴ ሄድኩ፦

```
chkdsk C: /r
```

ይሄ ትዕዛዝ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሴክተር በሴክተር ነው የሚያነበው። የደከመውን ዲስክ ሌሊቱን ሙሉ አስሮጥኩት ማለት ነው። ጠዋት ስመጣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ባዮስ ላይም አይታይም። ለልጁ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "የእህቴ የሰርግ ፎቶስ?" ብሎ ነው። እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር፣ እኔም ምን እንዳለበት አልጠየቅኩትም።

አሁን Caution ካየሁ ምንም ሳልነካ መጀመሪያ ባለቤቱን "የማይተካ ምን አለህ?" ነው የምለው፣ ፎቶና ዶክመንቱን ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ እገለብጣለሁ። ኮፒው መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ አልታገለውም፣ ዲስኩን ነቅዬ ሊኑክስ ያለበት ማሽን ላይ እሰካና፣ የትኛው እንደሆነ በ lsblk አረጋግጬ፣ በቂ ቦታ ያለው ዲስክ ላይ ሙሉ ቅጂውን አወጣለሁ፦

```
sudo ddrescue -d -n /dev/sdb disk.img disk.map
```

ጥሩነቱ ጤነኛውን ክፍል አስቀድሞ ነው የሚያወጣው፣ የተጎዳው ላይ በመጀመሪያው ዙር ድርቅ አይልም። የት እንደደረሰም disk.map ላይ ስለሚይዝ መብራት ቢሄድ እንኳ ከቆመበት ይቀጥላል። chkdsk ካስፈለገ ከዚህ በኋላ ነው።

ለልጁ ከራሴ ኪስ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ ገዝቼ ዊንዶውሱንም ጌሙንም ጫንኩለት፣ ድልድዩን ምንም ሳይቆም ተሻገረ። ከፎቶዎቹ የተገኙት ቤተሰቦቹ ያኔ ለዘመድ በቴሌግራም የላኳቸው ወደ አርባ ገደማ ናቸው፣ እነሱም ተጨምቀው ያነሱ፣ ትልቁ ላይ ስትከፍታቸው የሚደበዝዙ።