የስልኩ ሰዓት ያበላሸው ኮድ፦ የአንድ ሱቅ ሳይትን ደህንነት ሳጠናክር

ለአንድ የቤት ዕቃ አምራች የሠራሁትን የዎርድፕረስ ሳይት ደህንነት እያጠናከርኩ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ኤችቲቲፒኤስ። ከሌትስ ኢንክሪፕት ነፃ ሰርተፊኬት አወጣሁ። የሚያገለግለው 90 ቀን ነው። በራሱ መታደሱን በዚህ ሞከርኩ፦

```
sudo certbot renew --dry-run
```

እኔ ጋ ሳይቱ በደንብ ተከፈተ። በሱቁ ባለቤት ስልክ ላይ ግን `NET::ERR_CERT_DATE_INVALID` የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ማታ ሲሞክሩት ደግሞ ምንም ችግር የለም።

ነገሩ የተገለጠልኝ በማግስቱ ጠዋት፣ ለአስተዳዳሪ መግቢያው ረጅም የይለፍ ቃል ሰጥተን ሁለተኛ ማረጋገጫ ስናበራ ነው። ከስልካቸው መተግበሪያ ስድስቱን ቁጥሮች አነበቡልኝ፣ አልተቀበለም። ሌላ መጣ፣ እሱንም እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ስልክዎ ስንት ሰዓት ይላል?»

«ሦስት ሰዓት ነዋ! በእኛ አቆጣጠር ነው የሞላሁት።»

አለቀ። ኮዱ የሚሰላው ከሚስጥራዊ ቁልፍና ከዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ በየ30 ሰከንዱም ይቀየራል። ሰዓቱን በእጅ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስንመልሰው ስልኩ የሚያወጣው የንጋቱን ኮድ ነው። ሰርተፊኬቱም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬቱ የሚጀምርበትን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ወደኋላ ያደርገዋል፤ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ለቀረው የእሳቸው ስልክ ግን ሰርተፊኬቱ ገና አልተወለደም። ማታ የሠራው የስልኩ ሰዓት እዚያ ስለደረሰ ነው።

ጋሼ የሀበሻ ሰዓታቸውን መተው አይፈልጉም፤ ትክክል ናቸው። አንድሮይድ ላይ አውቶማቲክ ሰዓቱን አበራሁት፤ አውቶማቲክ የሰዓት ቀጠናውን ግን አጠፋሁና ቦነስ አይረስን መረጥኩ። ቦነስ አይረስ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት። ስልኩ ሦስት ሰዓት ይላል፣ ውስጡ ግን ትክክለኛውን ያውቃል። ኮዱ ወዲያው ገባ። ስልኩ ቢጠፋ የሚያስገቡትን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አትሜ ካዝናቸው ውስጥ አስቀመጥን።

ባክአፕ ቀደም ብዬ ጨርሻለሁ። ዳታቤዙና የ`wp-content` ፎልደር በየሌሊቱ ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጣሉ፤ እዚያው ሰርቨር ላይ ያለ ቅጂ ሰርቨሩ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ፕለጊኖችን የማዘምነው ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ በአንድ። እንዲህ ሲሆን የትኛው እንዳበላሸ ይታወቃል።

አሁን የያዝኩት የትዕዛዝ ፎርሙን ነው። ለሰው የማይታይ ባዶ ሳጥን ጨመርኩበት፤ ሮቦት ሁሉንም ሳጥን ስለሚሞላ እሱ ከተሞላ መልእክቱ ይጣላል። ሳጥኑን `phone` ወይም `email` ብላችሁ እንዳትሰይሙት። ብሮውዘሩ በራሱ ሊሞላው ይችላል፤ ያኔ የእውነተኛ ደንበኛ ትዕዛዝ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል። እኔ ትርጉም የሌለው ስም ሰጥቼ `autocomplete="off"` ጨምሬበታለሁ። የተጣሉትንም ለጊዜው አላጠፋቸውም፤ ለብቻ እያስቀመጥኩ አያቸዋለሁ።