ሰባ ኩንታል ይጭናል ተባልኩ

ዛሬ ከመካኒክ ጓደኛዬ ጋር ደብረ ብርሃን ያገለገለ አይሱዙ ልናይ ሄደን ነበር። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ለማመላለስ ነው የፈለግኩት። ሊብሬው ላይ የመጫን አቅሙ 50 ኩንታል ይላል። ሻጩ ግን «ሰባ ይዞ ጣርማ በርን ይወጣል» አለን። እኔ ደስ አለኝ፤ ጓደኛዬ ግን ፊቱ ተለወጠ።

ወዲያው ከስር ገባ። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ተደርቧል። ለካ ቅጠል መጨመር መኪናው እንዳይጎብጥ እንጂ አቅሙን አያሳድግም። አክስሉ፣ ፍሬኑና ሻንሲው ያው የ50 ኩንታል ናቸው። የባሌስትራው መያዣ ጋ ሻንሲው ተሰንጥቆ፣ ተበይዶ አዲስ ቀለም ተቀብቷል።

የኋላ ጎማዎቹ በውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ተበልተዋል። ጓደኛዬ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አስቁሞ በቸርኬው አጠገብ ቱንቢ ጣለ። የቸርኬው የላይኛው ጠርዝ ከታችኛው ይልቅ ከገመዱ ይርቃል። በሁለቱም በኩል እንደዚያው ነው። ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ አዘንብለዋል ማለት ነው። የአክስሉ ቤት በጭነት ብዛት መሃሉ ጎብጧል።

ሞተሩን ስንነካው ሞቆ ነበር። ገና ሳንደርስ አስነስተውታል። ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት እንደሚነሳ ማየት ነበረብን፤ ይሄ በጣም አናደደኝ። እንደዚያም ሆኖ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትተን ገልብጠን አፉ ላይ አስቀመጥነው። ጭሱ እየገፋ አዘለለው። የፒስተኑ ፋሻ አልቋል።

ሞተር ይታደሳል። የጎበጠ አክስልና የተሰነጠቀ ሻንሲ ይዤ ግን የጣርማ በርን ቁልቁለት አልወርድም። ቁልፉን መልሰን ወጣን።