ሠንጠረዡን ዘለልኩት

አዲስ አበባ ውስጥ ለዓይነ ስውራን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሞጁልና ሃንድአውት እያነበቡ በድምፅ የሚቀዱ በጎ ፈቃደኞችን የምታሰባስብ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ አስተባባሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ 11 አመልካቾች መጡ። መራጮቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ የቀረጻ ክፍላችን ኃላፊ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ዓይነ ስውር ጡረተኛ መምህር። አመልካቹ መጀመሪያ በ2 ደቂቃ ራሱን ያስተዋውቃል፣ ለምን እንደመጣም ይናገራል። ከዚያ አይቶት የማያውቀውን አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ለተነሣሽነት 10 ነጥብ፣ ለንባብ 10 ነጥብ እንሰጣለን።

አምስተኛዋ የገባችው በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል የምትሠራ ወጣት ነበረች። ድምጿ የጠራ ነው፤ ተዘጋጅታም መጥታለች። የት እንደተማረች፣ በስንት ነጥብ እንደተመረቀች፣ ምን ምን ሥልጠና እንደወሰደች ነገረችን። መጨረሻ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ የተቸገሩትን መርዳት ያስደስተኛል፤ ማየት ለተሳናቸው ወገኖቼ ዓይን ልሆንላቸው እፈልጋለሁ» ብላ ጨረሰች።

እኔ 7 ጻፍኩላት። የቀረጻ ኃላፊዋ 4 ሰጠቻት። ጋሼ ነጥባቸውን ለጎናቸው ሰው በጆሮ ነው የሚናገሩት፤ ለእኔ የነገሩኝ 2 ነበር።

ያን ቀን የእሳቸው 2 አንሶብኝ ነበር። በኋላ ግን የንግግሯን ቅጂ መልሼ አዳመጥኩት። ከሁለቱ ደቂቃ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንዱ ፊታችን በተቀመጠው ሲቪዋ ላይ በጽሑፍ ያለ ነገር ነው። የቀረው 40 ሰከንድ ደግሞ አረጋውያን ለሚጦሩበት ቤትም፣ ደም ለሚያሰባስብ ማኅበርም ቃል ሳይቀየር ሊነገር ይችላል። «ዓይን ልሁንላችሁ» የሚለውን ጋሼ በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰሙት ደግሞ እግዜር ይወቀው። አንባቢ የሚፈልገው ተማሪ ለነገ ፈተና የሚያጠናው ምዕራፍ ያለበት ሰው ነው። አመልካቹ በአዘኔታ ሲጀምር ጋሼ የሚሰጉት አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው «ይቺን መልሰህ አንብብልኝ» ባለው ቀን ይቀየም ይሆናል ብለው። ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዙር ንግግሩ ያስለቀሰኝን ወጣት እኔ ራሴ ተከራክሬ አስገብቼው፣ ተማሪው የቃል አነባበብ ባረመው በሦስተኛው ቅዳሜ ቀርቷል።

ልጅቷ ወደ ንባቡ ልታልፍ ስትል ጋሼ አቋረጡ። «ልጄ፣ ለሰው ጮክ ብለሽ አንብበሽ ታውቂያለሽ?»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «አዎ ጋሼ፤ ግን ጥሩ አላነበብኩም» አለች።

አንደኛ ዓመት ሳለች የዶርም ጓደኛዋ ዓይነ ስውር ነበረች። ኢኮኖሚክስ አብረው ይወስዳሉ። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው ሃንድአውቱን በስልክ እየቀዳች አነበበችላት። ወደ እኩለ ሌሊት ገደማ የዋጋና የተፈላጊ መጠን ሠንጠረዥ ጋ ደረሰች። ደክሟታል። «እዚህ ጋ ሠንጠረዥ አለ» ብላ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ዘለለች። በማግስቱ ፈተናው ላይ የመጣው ስሌት የሚሠራው ልክ እንደዚያ ካለ ሠንጠረዥ ነበር። ጓደኛዋ አልወቀሰቻትም። ማታ ብቻ፣ «ያ ሠንጠረዥ ውስጥ ምን ነበረ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ይህን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ጥፋቴ ነው እኮ። ነጥብ ያስቀንስብኛል ብዬ።»

ጋሼ ግን አልረኩም። ያማረ ታሪክ ይዞ መምጣት ቀላል መሆኑን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከታሪኩ አንድ እርምጃ አልፈው ይጠይቃሉ። «ዛሬ ያንኑ ሠንጠረዥ ብሰጥሽ እንዴት ታነቢዋለሽ?» አሏት።

«መጀመሪያ ርዕሱን እናገራለሁ። ቀጥዬ ስንት ዓምድና ስንት ረድፍ እንዳለው፣ የየዓምዱንም ስም እነግራለሁ። ከዚያ በየረድፉ ‹ዋጋ 5 ብር፣ መጠን 40፤ ዋጋ 6 ብር፣ መጠን 35› እያልኩ የዓምዱን ስም ሳልተው አነባለሁ። ቁጥሩን ብቻ ከደረደርኩት የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋባታል።»

አዲስ አንባቢዎችን ይህን ለማስተማር እኛ ግማሽ ቀን ይፈጅብናል። እሷ ከዚያች ሌሊት በኋላ ለጓደኛዋ እያነበበች ራሷ ደርሳበታለች።

ከወጣች በኋላ የነጥቡ ነገር አከራከረን። እኔ ላሻሽልላት ፈለግሁ። የቀረጻ ኃላፊዋ እምቢ አለች፤ «ሌሎቹን ይህን አልጠየቅናቸውም። ለአንዷ ብቻ በሩን ከፍተን ነጥብ ብንጨምር ምርጫ አይባልም» አለች። ልክ ነበረች። ግቢ ውስጥ የሚጠብቁትን መልሰን አስገባናቸው፣ ወደ ቤት ለሄዱት ሁለቱ ስልክ ደወልን። ለሁሉም አንድ ጥያቄ አቀረብን፤ ለሰው ያነበባችሁበትን ወይም የተነበበላችሁን አንድ ቀን ንገሩን።

ከዚያ ሰልፉ ተለወጠ። ጠዋት ዝቅ ብለው የነበሩ ሁለት ሰዎች ወደ ላይ ወጡ። አንዱ ታሪክ የለኝም አለ። «እውነቱን ለመናገር ለሥራ ፍለጋ የምስክር ወረቀት እፈልጋለሁ። እስከ ሰኔ ድረስ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ ማንበብም አይሰለቸኝም» አለን። ጋሼ 8 ሰጡት። ተማሪ የሚመደብለት በየሳምንቱ ለሚመጣ ሰው ነው፣ ይሄ ልጅ ደግሞ እስከ መቼ እንደሚመጣ በራሱ አፍ ተናግሯል፤ ምክንያታቸው ይኸው ነበር። እስከ ሰኔም ቆይቷል። የራስ ጥቅም የተቀላቀለበት ተነሣሽነት ከዚያ ወዲህ አያስደነግጠኝም፤ የሚያሳስበኝ የተሸፈነው ነው።

ጥፋቱ በከፊል የእኛም ነበር። ለአመልካቾች የምንልከው መልእክት «ራስዎን ያስተዋውቁ» ብቻ ይል ነበር፤ እንዲህ የተባለ ሰው ሲቪውን በቃሉ ቢወጣ አይፈረድበትም። መልእክቱን ቀየርነው፦ «ሲቪዎን አንብበነዋል። በ2 ደቂቃ ወደዚህ ሥራ ያመጣዎትን አንድ አጋጣሚ፣ ከዚያ ወዲህ ያደረጉትን፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እስከ መቼ መስጠት እንደሚችሉ ይንገሩን።»

ልጅቷ ተመረጠች። ለሚቀጥለው ዙር አመልካቾች ምሳሌ እንዲሆን ያንኑ መግቢያ እንደገና እንድትናገረው ለመንኳት፤ ፈቅዳ እንዲህ ስትል ቀዳናት፦

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለዶርም ጓደኛዬ ሃንድአውት ሳነብላት አንድ ሠንጠረዥ ስለደከመኝ ዘለልኩባት፣ ፈተናው እሱኑ ጠየቃት። ከዚያ በኋላ እስክንመረቅ ድረስ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ እሷ እያረመችኝ ተማርኩ። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚሸሻቸውን የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ገጾች ለእኔ ስጡኝ። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሰዓት 3 ሰዓት መስጠት እችላለሁ። ሒሳብ በምንዘጋበት በሐምሌ ወር ግን አልችልም።»

አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ጋሼ ሰምተው «የሐምሌውን ቀድማ መናገሯ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ «ለሐምሌ ምትክ አሁኑኑ ፈልግ።»